ቤት፣ ምግብና መኪና፦ በዓይነት የሚሰጥ ጥቅም ከመቀጠር በሚገኝ ገቢ ላይ የሚጨምረው ግብር

አንዳንድ ተቀጣሪዎች የወር ደመወዛቸው ሳይቀነስ በእጃቸው የሚደርሰው ገንዘብ አንሶ ሲያገኙት ለምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከደመወዙ ውጭ የሚገኝ ነው። ድርጅቱ የመኖሪያ ቤት ተከራይቶላቸው፣ መኪና መድቦላቸው ወይም ምሳቸውን ችሎላቸው ከሆነ የእነዚህ ዋጋ በብር ተተምኖ ከደመወዛቸው ጋር ይደመርና በድምሩ ላይ ግብር ይሰላል። ቤቱና መኪናው ግን ተሸርፈው ግብር ሊከፈልባቸው ስለማይችል ተጨማሪው ግብር የሚቀነሰው በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለው ደመወዝ ላይ ነው።

ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ደመወዝና አበል ብቻ እንዳልሆነ የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ይደነግጋል። ቀጣሪው በዓይነት የሚሰጠው ጥቅም ዋጋም የዚሁ ገቢ አካል ነው። የጥቅሞቹን ዓይነትና የአተማመን ዘዴያቸውን በዝርዝር የሚወስነው የሚኒስትሮች ምክር ቤት የፌዴራል ገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 ነው። ጥቅሙ ለተቀጣሪው በቀጥታ ባይሰጥም፣ ለምሳሌ ቤቱ የተሰጠው ለትዳር ጓደኛው ቢሆን፣ የተገኘው በሥራው ምክንያት እስከሆነ ድረስ እንደ ተቀጣሪው ጥቅም ይቆጠራል። ደንቡ የቤት ሠራተኛ ደመወዝን፣ የዕዳ ምሕረትን፣ በአነስተኛ ወለድ የሚሰጥ ብድርንና ሌሎችንም ይዘረዝራል። ይህ ጽሑፍ በተግባር በብዛት በሚያጋጥሙት በሦስቱ፣ ማለትም በምግብ፣ በመኖሪያ ቤትና በተሽከርካሪ ላይ ያተኩራል።

ጥቅሙ በየትኛው መጣኔ ግብር ይከፈልበታል?

በዓይነት ለሚሰጥ ጥቅም የተለየ የግብር መጣኔ የለም። የጥቅሙ ዋጋ በደመወዙ ላይ ስለሚታከል ግብር የሚከፈልበት የተቀጣሪው የመጨረሻው ብር በሚያርፍበት እርከን ነው። በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት በወር እስከ 2,000 ብር ያለው ገቢ ከግብር ነፃ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ግብር ይከፈልበታል።

በወር 9,000 ብር ደመወዝ የሚከፈለውን አንድ የሂሳብ ሠራተኛ እንውሰድ። ከደመወዙ ላይ የሚቀነሰው ግብር 1,400 ብር ነው። መሥሪያ ቤቱ ከአንድ ምግብ ቤት ጋር ውል ገብቶ ምሳውን ማብላት ጀመረ እንበል። ለእርሱ በወር የሚያወጣው ወጪ 1,500 ብር ነው። የምግብ ጥቅም የሚተመነው ቀጣሪው ለምግቡ ባወጣው ወጪ ሲሆን፣ ተቀጣሪው ራሱ የከፈለው ካለ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ሠራተኛው ምንም ስላልከፈለ ግብር የሚከፈልበት ገቢው 10,500 ብር ይሆናል። ከተጨመረው 1,500 ብር ውስጥ የመጀመሪያው 1,000 ብር አሁንም በ25 በመቶው እርከን ውስጥ ስለሚቆይ 250 ብር ግብር ያስከፍላል። የቀረው 500 ብር ከ10,000 ስለሚያልፍ በ30 በመቶ 150 ብር ያስከፍላል። በድምሩ ግብሩ በ400 ብር ጨምሮ 1,800 ብር ይሆናል።

እዚህ ላይ ዘወትር የሚያጋጥም ስጋት አለ። ብዙዎች «ገቢዬ ወደ ላይኛው እርከን ከዘለለ ደመወዜ በሙሉ በከፍተኛው መጣኔ ይቀረጣል» ብለው ይፈራሉ። ይህ ስሕተት ነው። በአዲሱ መጣኔ የሚታሰበው ከወሰኑ ያለፈው ክፍል ብቻ ነው፤ በምሳሌው 30 በመቶ የተከፈለበት ያው 500 ብር ነው። ሠራተኛው ከምሳው ወጪ 500 ብር ራሱ ቢሸፍን ኖሮ የጥቅሙ ዋጋ 1,000 ብር ላይ ይቆምና ተጨማሪው ግብር 250 ብር ብቻ ይሆን ነበር።

ምግብ ሁሉ ግን ግብር የሚከፈልበት ጥቅም አይደለም። ቀጣሪው ራሱ ወይም በእርሱ ስም ሌላ አካል ለሠራተኞች ብቻ በሚያስተዳድረው የሠራተኞች ክበብ ወይም ካፍቴሪያ ውስጥ የሚቀርብና ጊዜያዊ ያልሆኑ ሠራተኞች ሁሉ በእኩልነት የሚገለገሉበት ምግብ እንደ ጥቅም አይቆጠርም። በማዕድን፣ በማምረቻና በግብርና ሥራ የተሰማሩ ቀጣሪዎች ለሠራተኞቻቸው በነፃ የሚያቀርቡት ምግብና መጠጥም በአዋጁ ከግብር ነፃ ተደርጓል። ስለዚህ የሂሳብ ሠራተኛው ምሳ በምግብ ቤት ውል መሆኑ ቀርቶ ለሁሉም ክፍት በሆነው የመሥሪያ ቤቱ ክበብ ቢቀርብ ኖሮ 400 ብሩ አይቀነስበትም ነበር። ክበቡ ለኃላፊዎች ብቻ ከተከፈተ ግን ይህ ነፃነት አይሠራም።

የመኖሪያ ቤት

ድርጅቱ ቤቱን ከሌላ ሰው ተከራይቶ ከሰጠ የጥቅሙ ዋጋ ድርጅቱ በወር የሚከፍለው ኪራይ ነው። ቤቱ የድርጅቱ የራሱ ንብረት ከሆነ ደግሞ ያ ቤት በገበያ ቢከራይ የሚያወጣው ኪራይ ይወሰዳል። በሁለቱም ሁኔታ ተቀጣሪው በየወሩ የሚያዋጣው ገንዘብ ካለ ይቀነስለታል። የድርጅቱ ቤት ሲሆን በተግባር ክርክር የሚያስነሳው የገበያው ኪራይ ግምት ነው፤ በድርጅቱ የሂሳብ መዝገብ ላይ ያለው የቤቱ ዋጋ ወይም ዓመታዊ የእርጅና ቅናሽ መለኪያ አይደለም። በዚያው ሠፈር በስፋትና በአገልግሎት የሚመሳሰል ቤት የተከራየበት ውል ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው።

መብራት፣ ውኃ ወይም የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ በቀጣሪው ሲሸፈን በቤቱ ዋጋ ውስጥ አይካተትም፤ የግል ወጪ በመሸፈን የተገኘ ሌላ ጥቅም ተደርጎ ለብቻው ይታሰባል። የቤት ሠራተኛ፣ የአትክልተኛና መሰል ሠራተኞች ደመወዝም እንዲሁ።

ተሽከርካሪ

ቀጣሪው ለግል አገልግሎት እንዲውል ያስረከበው መኪና የወር ዋጋ የሚሰላበት ቀመር ቀላል ነው። ቀጣሪው መኪናውን የገዛበት ዋጋ በ5 በመቶ ይባዛና ለ12 ይካፈላል። መኪናው በኪራይ የተገኘ ከሆነ በኪራዩ መጀመሪያ የነበረው የገበያ ዋጋ ይወሰዳል። በ2,400,000 ብር የተገዛ መኪና በዓመት 120,000 ብር፣ በወር 10,000 ብር የሚያወጣ ጥቅም ነው ማለት ነው።

መኪናው ለሥራም የሚያገለግል ከሆነ ለሥራ የዋለው ድርሻ ከዚህ ላይ ይቀነሳል። ድርሻውን የሚያረጋግጠው የተሽከርካሪው የጉዞ መዝገብ ነው። ቀኑ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው መነሻና መድረሻ ንባብ፣ የጉዞው ዓላማና የተጓዥው ፊርማ በየጉዞው ሊመዘገቡ ይገባል። በወሩ መጨረሻ በአንድ ብዕር፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ የተሞላ መዝገብ በምርመራ ጊዜ ጥርጣሬ ያስነሳል፤ የነዳጅ ደረሰኞቹ የሚያሳዩት የኪሎ ሜትር ንባብ ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ ደግሞ ጨርሶ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል።

የ10 በመቶው ጣሪያ

ብዙ ተቀጣሪዎች የማያውቁት፣ አንዳንድ የሂሳብ ክፍሎችም የሚዘነጉት ድንጋጌ አለ። በዓይነት በሚሰጡ ጥቅሞች ምክንያት የሚከፈለው ግብር በማናቸውም ሁኔታ ከተቀጣሪው የደመወዝ ገቢ 10 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። ጣሪያው የተጣለው በጥቅሞቹ ዋጋ ላይ ሳይሆን ከጥቅሞቹ በሚመጣው ግብር ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። የጥቅሙን 10 በመቶ ብቻ በገቢ ላይ የሚደምር ወይም ጥቅሙን በሙሉ በ10 በመቶ የሚቀርጥ ስሌት ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

ይህን ለማየት በወር 30,000 ብር ደመወዝ የሚከፈላትን አንዲት የፕሮጀክት ኃላፊ እናስብ። ድርጅቷ በወር 18,000 ብር ቤት ተከራይቶላታል፤ እርሷም ከደመወዟ 3,000 ብር ታዋጣለች። ስለዚህ የቤቱ ጥቅም 15,000 ብር ነው። ከላይ የተጠቀሰው ባለ 2,400,000 ብር መኪናም ተመድቦላታል፤ የጉዞ መዝገቡ እንደሚያሳየው ግማሹ አገልግሎት ለሥራ ነው። ስለዚህ የመኪናው ጥቅም 5,000 ብር ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 20,000 ብር ናቸው።

ኃላፊዋ ደመወዝ ብቻ ቢኖራት ግብሯ 8,450 ብር ነው። ጥቅሞቹ ተደምረው ገቢዋ 50,000 ብር ሲደርስ ግብሩ 15,450 ብር ይሆናል። ልዩነቱ፣ ማለትም ከጥቅሞቹ የመጣው ግብር፣ 7,000 ብር ነው። የደመወዟ 10 በመቶ ግን 3,000 ብር በመሆኑ ከጥቅሞቹ ሊቀነስባት የሚችለው ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚቀነሰው ጠቅላላ ግብር 8,450 ሲደመር 3,000፣ በድምሩ 11,450 ብር ይሆናል። ከዚህ በተጨማሪ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ አለባት። መዋጮው የሚሰላው ከደመወዝ ብቻ ስለሆነ ቤቱና መኪናው አይነኩትም፤ 2,100 ብር ነው። የ3,000 ብር የቤት መዋጮዋ ሲቀነስ በእጇ የሚደርሰው 13,450 ብር ነው። ጣሪያው ተዘንግቶ ቢሆን ኖሮ 9,450 ብር ብቻ ይደርሳት ነበር፤ በየወሩ 4,000 ብር ከሚገባው በላይ ይቀነስባታል ማለት ነው።

ጣሪያው ላይ ከተደረሰ በኋላ ሌሎቹ ጥንቃቄዎች ትርጉማቸው እንደሚለወጥም ከዚሁ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። የቤቱ ጥቅም ብቻውን 5,250 ብር ግብር ስለሚያስከትል ከጣሪያው ያልፋል። በመሆኑም የጉዞ መዝገቡ ቢኖርም ባይኖርም በዚህች ተቀጣሪ ላይ የሚቀነሰው ያው 3,000 ብር ነው። ለቤቱ የምታዋጣው 3,000 ብርም ግብሯን በአንድ ብር አያወርደውም። ቤት ባይኖራትና መኪናው ብቻ ቢሆን ግን መዝገቡ ዋጋ አለው። መዝገብ ከሌለ 10,000 ብር ሙሉ በሙሉ ስለሚታሰብ ግብሩ 3,500 ብር ይሆንና በጣሪያው ምክንያት 3,000 ብር ላይ ይቆማል፤ መዝገቡ ካለ 1,750 ብር ነው። በ35 በመቶው እርከን ውስጥ ያለ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ጣሪያውን የሚነካው የጥቅሞቹ ዋጋ ከደመወዙ 28.6 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ነው። በ30,000 ብር ደመወዝ ይህ 8,571 ብር አካባቢ ይሆናል።

የቤት አበል ወይስ ቤት?

ጣሪያው የሚሠራው በዓይነት ለሚሰጥ ጥቅም ነው። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል የቤት አበል እንደ ማንኛውም የደመወዝ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ግብር ይከፈልበታል። ኃላፊዋ በቤቱ ፋንታ 15,000 ብር አበል ብትወስድ የጥሬ ገንዘብ ገቢዋ 45,000፣ ግብሩም 13,700 ብር ይሆናል። ከአበሉ ላይ ብቻ 5,250 ብር ይቀነስና 9,750 ብር ይቀራታል። ያንኑ 15,000 ብር የሚያወጣ ቤት በዓይነት ስታገኝ ግን የሚጨመርባት ግብር ከ3,000 ብር አይዘልም። የቅጥር ውል ከመፈረሙ ወይም ከመታደሱ በፊት ይህን አስልቶ መነጋገር ተገቢ ነው። እርግጥ አበሉ የራሱ ጥቅም አለው፤ ተቀጣሪው ርካሽ ቤት ተከራይቶ ቀሪውን ለሌላ ጉዳይ ሊያውለው ይችላል።

ልዩነቱን የሚወስነው የክፍያው ስም ሳይሆን አፈጻጸሙ ነው። በዓይነት የተሰጠ ቤት የሚባለው የኪራይ ውሉን ድርጅቱ ፈርሞ ኪራዩን ለአከራዩ ራሱ ሲከፍል ነው። ገንዘቡ በተቀጣሪው የባንክ ሂሳብ ገብቶ እርሱ የሚከራይ ከሆነ ሰነዱ «የቤት ጥቅም» ቢለውም አበል ነው፤ ጣሪያውም አይመለከተውም።

አንዳንድ ቀጣሪዎች ደግሞ ተቀጣሪው እንዳይጎዳ በማሰብ ግብሩን ራሳቸው እንደሚከፍሉለት ቃል ይገባሉ። ይህ ክልክል አይደለም፤ ነገር ግን ከደመወዝ ሳይቀነስ በቀጣሪው የተከፈለው ግብር ራሱ የተቀጣሪው ተጨማሪ ገቢ ሆኖ ይቆጠራል።

ስሌቱን ማረጋገጥ

ግብሩን አስልቶ የመቀነስ፣ በየወሩ የማስታወቅና ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ገቢ የማድረግ ኃላፊነት የቀጣሪው ነው። ጥቅሞቹን በደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ ላይ ሳያካትት የቀረ ቀጣሪ በኦዲት ሲደረስበት ሳይቀነስ ለቀረው ግብር ተጠያቂ የሚሆነው ራሱ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚበረክተው ምልክት የታወቀ ነው፤ የቤት ኪራይና የምግብ ቤት ክፍያዎች በድርጅቱ የወጪ መዝገብ ላይ ይገኛሉ፣ በደመወዝ መክፈያው ላይ ግን አይታዩም።

ተቀጣሪው የራሱን ስሌት ለማረጋገጥ ሁለት ቁጥሮች ይበቁታል። ከደመወዙ ብቻ ሊቀነስ የሚገባውን ግብር በእርከኖቹ መሠረት ያሰላል፤ በደመወዝ መግለጫው ላይ ከተቀነሰው ጠቅላላ ግብርም ይህን ይቀንሳል። ከ14,000 ብር በላይ ለሆነ ደመወዝ አቋራጩ ደመወዙን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 ብር መቀነስ ነው። የሚቀረው ከጥቅሞቹ የመጣው ግብር ነው፤ ይህ ከደመወዙ አንድ አሥረኛ ከበለጠ ስሌቱ ታርሞ እንዲስተካከል የመጠየቅ መብት አለው። ከአንድ አሥረኛው በታች ከሆነ የሚቀጥለው ጥያቄ እያንዳንዱ ጥቅም በስንት ብር እንደተተመነ ነው። የኪራይ ውሉን፣ የመኪናውን የግዥ ሰነድና የጉዞ መዝገቡን ከሂሳብ ክፍሉ ጠይቆ ማመሳከር ይቻላል። ጥያቄው በጽሑፍ ቢቀርብ ይመረጣል። ቀጣሪው ካላስተካከለ ተቀጣሪው የደመወዝ መግለጫዎቹን፣ የቅጥር ውሉንና የጻፈውን ደብዳቤ ቅጂ ይዞ ቀጣሪው ግብር ወደሚከፍልበት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት መቅረብ ይችላል።